የ67 ዓመት የመርዝ ፍለጋ

ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የታየው ኮሌራ ከአካባቢ ወደ አካባቢ እየተዛመተ ለረጅም ጊዜ አልጠፋም። በሽታው የትም ይግባ የት፣ መልኩ ያው ነው። ሕመምተኛው የሩዝ እጣቢ የሚመስል ውኃ ያስቀምጠዋል፤ ዓይኑ ይጎደጉዳል፤ ድምፁ ይሰልላል፤ የሆዱ ቆዳ ሲቆነጠጥ ተነሥቶ ይቀራል። በዚህ ሁሉ መሐል ግን ጤና ባለሙያ የማያልፈው አንድ ነገር አለ። ግንባሩ አያቃጥልም። እንዲያውም አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው።

ይህ የትኩሳት አለመኖር ተራ ነገር ይመስላል። በሕክምና ታሪክ ውስጥ ግን ትልልቅ ሰዎችን ለ67 ዓመታት ያሳሳተ እንቆቅልሽ መፍቻው እዚህ ላይ ነበር። በሕመምተኛው አንጀት ውስጥ የሚርመሰመሱት ባክቴሪያዎች ቁጥር ስፍር የላቸውም። የእያንዳንዳቸው ቅርፊት ደግሞ ወደ ደም ቢገባ ሰውን በብርድ የሚያንቀጠቅጥና በትኩሳት የሚያነድ መርዝ የያዘ ነው። እንግዲያው ትኩሳቱ የት ገባ? ሰውየውን ሊገድል የደረሰውስ የትኛው መርዝ ነው?

ባክቴሪያ አስተናጋጁን የሚጎዳባቸው መርዞች ከድሮ ጀምሮ በሁለት ይመደባሉ። አንደኛው ኤክሶቶክሲን ነው፤ ሕያው ባክቴሪያ ሠርቶ ወደ ውጭ የሚለቀው ፕሮቲን። ሁለተኛው ኢንዶቶክሲን ይባላል። ይሄኛው ተሠርቶ የሚላክ ነገር አይደለም፤ ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የውጭ ቅርፊት አካል ነው። በኬሚካዊ ባሕርዩ የስብና የስኳር ውህድ ሲሆን ሊፖፖሊሳካራይድ ይባላል። ባክቴሪያው ሲሞትና ሲፈራርስ፣ አንዳንዴም በሕይወት እያለ ከቅርፊቱ ሲረግፍ፣ ወደ አካባቢው ይበተናል።

ኤክሶቶክሲን ቀድሞ ተገኘ። በ1888 እ.ኤ.አ. ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ኤሚል ሩ እና አሌክሳንደር ዬርሲን የዘጊ አነዳን ባክቴሪያ በመረቅ አሳደጉ። መረቁን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ አጣርተው የጠለለውን ፈሳሽ ብቻ ለእንስሳት ወጉ። እንስሳቱ ሞቱ። ባክቴሪያው በሌለበት በሽታው መጣ ማለት ነው፤ መርዙ በፈሳሹ ውስጥ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1892 እ.ኤ.አ.፣ በርሊን ውስጥ ከሮበርት ኮህ ጋር ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ፋይፈር የኮሌራን መርዝ ሲፈልግ ሌላ ነገር ገጠመው። የኮሌራ ባክቴሪያዎችን በሙቀት ገድሎ በጊኒ ፒግ ሆድ ዕቃ ውስጥ ወጋ። ባክቴሪያዎቹ ሙት ናቸው፤ የሚሠሩት ነገር የለም። እንስሳቱ ግን ተዝለፍልፈው ሞቱ። ፕሮቲን በሙቀት ይበላሻል፤ ይህ መርዝ ግን አልተበላሸም። ፋይፈር መርዙ በባክቴሪያው አካል ውስጥ ያለ መሆኑን አመነና «የውስጥ መርዝ» የሚል ትርጉም ያለውን ኢንዶቶክሲን የሚለውን ስም አወጣ።

ግኝቱ እውነት ነበር። ስሕተቱ ኮሌራን የሚያመጣው ይኸው መርዝ ነው የሚለው ድምዳሜ ላይ ነው። ኮህ ራሱ በ1884 እ.ኤ.አ. የኮሌራ ባክቴሪያ አንድ የተለየ መርዝ እንደሚያመነጭ ጠርጥሮ ነበር፤ ነገር ግን የፋይፈር ሙከራ ዓይን የሚስብ ነበርና ብዙዎች ወደዚያው አዘነበሉ። ፋይፈር መርዙን የወጋው የሆድ ዕቃው ክፍተት ውስጥ እንጂ አንጀት ውስጥ አልነበረም። የኮሌራ ባክቴሪያ ደግሞ ከአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም የመግባት ልማድ የለውም። ጊኒ ፒጎቹ የሞቱት በኮሌራ አልነበረም ማለት ነው። ተቅማጥም አልያዛቸውም።

ነገሩን ያቃናው ካልካታ የሚሠራው ሕንዳዊ ሐኪም ሳምቡ ናት ዴ ነው። የዴ ዘዴ ለሰሚው ቀላል ነው። የጥንቸልን ትንሽ አንጀት አውጥቶ አንድ ቁራጭ ሳይቆርጥ ግራና ቀኙን በክር ያስራል፤ በታሰረው ክፍል ውስጥ የሚፈትነውን ነገር በመርፌ ያስገባል፤ አንጀቱን መልሶ ሆዱን ይሰፋል። በማግስቱ ሲከፍት፣ ንጹሕ መረቅ የገባበት ክፍል ጠፍጣፋ እንደሆነ ቆይቷል። የኮሌራ ባክቴሪያ የገባበት ክፍል ግን ሊፈነዳ እስኪደርስ በውኃ ተወጥሯል፤ ውኃውም የሩዝ እጣቢ ይመስላል። ይህን በ1953 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ1959 እ.ኤ.አ. ደግሞ ባክቴሪያውን በሙሉ በማጣሪያ አስቀርቶ የጠለለውን ፈሳሽ ብቻ አስገባ። አንጀቱ እንደገና በውኃ ተወጠረ። ኮሌራ የኤክሶቶክሲን በሽታ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ሩ እና ዬርሲን ለዘጊ አነዳ ያደረጉት ማጣራት ለኮሌራ የተሳካው ከ71 ዓመት በኋላ ነው፤ ምክንያቱም የጎደለው መሣሪያ አልነበረም፤ መርዙን ትክክለኛው ቦታ ላይ ማስቀመጥ ነበር።

መርዙ በ1969 እ.ኤ.አ. ነጥሮ ከወጣ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ፈቃደኛ ሰዎች በጥንቃቄ ተከብበው ጠጡት። 5 ማይክሮግራም፣ ማለትም እጅግ ጥቂት ብናኝ፣ ከአንድ እስከ ስድስት ሊትር ተቅማጥ አስከተለ። 25 ማይክሮግራም ደግሞ ከ20 ሊትር በላይ አስወጣ። አንድም ባክቴሪያ አልነበረበትም።

ይህን ያህል ትንሽ መጠን ይህን ያህል ውኃ እንዴት ያስወጣል? የኮሌራ መርዝ ስድስት ቁራጭ ያለው ፕሮቲን ነው። አምስቱ ክብ ሠርተው የአንጀት ህዋስ ገጽ ላይ ያለ አንድ የተወሰነ ስብ ላይ ይለጠፋሉ። ስድስተኛው ወደ ህዋሱ ውስጥ ይገባል። እዚያ የሚፈልገው አንድ ፕሮቲን ብቻ ነው፤ እሱም ለተወሰነ ጊዜ በርቶ ራሱን የሚያጠፋ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። መርዙ በዚህ ፕሮቲን ላይ አንዲት ኬሚካዊ ቁራጭ ያጣብቅበታል። ከዚያ በኋላ ማብሪያው አይጠፋም። በህዋሱ ውስጥ የመልእክት ኬሚካል ይከማቻል፤ የክሎራይድ መውጫ በር ተከፍቶ ይቀራል፤ ጨው ወደ አንጀት ይፈስሳል፤ ውኃም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። በከባድ ሕመም ጊዜ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊደርስ ይችላል። መርዙ ኢንዛይም ስለሆነ አንዱን ፕሮቲን ጨርሶ ወደ ሌላው ያልፋል፤ የጥቂቱ ብዙ መሥራት ምሥጢሩ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የኮሌራ መርዝ ህዋሱን የማይገድለው መሆኑ ነው። ከሕመምተኞች አንጀት የተወሰደ ናሙና በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሽፋኑ አልተላጠም፣ አልቆሰለም። ህዋሱ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተ ትእዛዝ ብቻ እየፈጸመ ነው። መርዙ ያልነካው ሌላ በር ደግሞ አለ፤ ጨውንና ስኳርን አንድ ላይ አስይዞ ወደ ውስጥ የሚያስገባው። በ1971 እ.ኤ.አ. ከባንግላዲሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ሕንድ ድንበር ላይ ቦንጋዎን ውስጥ በኮሌራ ሲያልቁ፣ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለ ሐኪም በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ሲያልቅበት የተጠቀመው ይህንኑ በር ነው። ጨውና ግሉኮስ በውኃ በጥብጦ አጠጣ። ከመቶ ሠላሳ ገደማ የነበረው ሞት ወደ 3.6 ወረደ። ዛሬ በየጤና ኬላው በከረጢት የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. ለአንድ ሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም የገበታ ጨው ከሌሎች ሁለት ጨዎች ጋር የያዘ ነው። የሚሠራው ኤክሶቶክሲን ዒላማው አንድ ብቻ ስለሆነ ነው፤ አንዱን ሲመታ ሌላውን ይተዋል።

ይህ ጠባይ የኤክሶቶክሲኖች ሁሉ ነው ማለት ይቻላል። የመንጋጋ ቆልፍ መርዝ ጡንቻን የሚያረግበውን የነርቭ መልእክት ብቻ ያስቀራል፤ ስለዚህ ጡንቻ ይቆለፋል እንጂ አይላላም። የዘጊ አነዳ መርዝ ህዋስ ፕሮቲን የሚሠራበትን አንድ ክፍል ብቻ ያመክናል፤ ህዋሱም ይሞታል። ፕሮቲን ስለሆኑ ሙቀት ያበላሻቸዋል፤ ፎርማሊን ደግሞ መርዛማነታቸውን ገፎ ቅርጻቸውን ይተዋል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት በፎርማሊን የተገራ መርዝ እንጂ ሌላ አይደለም። በኢትዮጵያ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍ መወገዱ በ2017 እ.ኤ.አ. የተረጋገጠው ነፍሰ ጡሮች ይህንን ክትባት በመውሰዳቸውና ወሊድ ንጹሕ በመሆኑ ነው። የሚገርመው፣ በመንጋጋ ቆልፍ ታሞ የዳነ ሰው ክትባቱን መውሰድ አለበት። ሊገድለው የደረሰው መርዝ መጠኑ እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ የሰውነት መከላከያው እንኳ አላወቀውም።

መድኃኒቱም ገደብ አለው። በፈረስ ደም ወይም በሰው ደም ተዘጋጅቶ የሚሰጠው ፀረ መርዝ በደም ውስጥ እየዞረ ያለውን ይይዛል፤ ህዋስ ውስጥ የገባውን ግን አይነካም። ዘጊ አነዳ የተጠረጠረበትን ልጅ የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠብቁ ፀረ መርዝ መስጠት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ኤክሶቶክሲን ለባክቴሪያው የግድ አይደለም። የኮሌራን መርዝ የሚያሠራው ዘረ መል ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ የመጣ መሆኑ በ1996 እ.ኤ.አ. ታውቋል፤ የዘጊ አነዳውም እንዲሁ ነው። ቫይረሱ ያልጎበኘው የኮሌራ ባክቴሪያ በወንዝና በባሕር ዳርቻ ውኃ ውስጥ በሰላም ይኖራል፤ ወረርሽኝ አያስነሣም። ኢንዶቶክሲን ግን ሊተዉት የሚቻል ነገር አይደለም። አብዛኞቹ ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች ያለዚያ ቅርፊት መኖር አይችሉም።

ታዲያ ቅርፊት እንዴት መርዝ ይሆናል? የዚህ መልስ ከአንዲት የአይጥ ዘር መጣ። ሲ3ኤች/ሄጄ የምትባለው የላቦራቶሪ አይጥ ሌሎችን አይጦች የሚገድል የኢንዶቶክሲን መጠን ስትወጋ ምንም አትሆንም። በ1998 እ.ኤ.አ. የብሩስ ቦይትለር ቡድን ምክንያቱን አገኘ፤ ይህች አይጥ ኢንዶቶክሲንን የሚያውቅ ቲኤልአር4 የተባለ ተቀባይዋ የተበላሸ ነው። ቦይትለር በ2011 እ.ኤ.አ. ከኖቤል ሽልማቱ ተካፋይ ሆነ። ግኝቱ የሚለው ግልጽ ነው፤ ኢንዶቶክሲን በራሱ የሚቆርጠው፣ የሚያመክነው፣ የሚያጣብቀው ነገር የለም። ሊፒድ ኤ የሚባለው የስብ ክፍሉ ለሰውነት መከላከያ «ባክቴሪያ ገባ» የሚል ምልክት ነው። ጉዳቱን የሚያደርሰው ምልክቱን የሰማው ሰውነት ራሱ ነው። ጅብ ገባ ተብሎ ኡኡታ ሲሰማ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ የደረሰ ሰብል እንደሚረጋግጠው ማለት ነው።

ረገጣው የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ነጭ የደም ህዋሳት ቲኤንኤፍን የመሰሉ ኬሚካሎች ይለቃሉ። ቅዝቃዜና መንቀጥቀጥ ይመጣል፤ ከዚያ ትኩሳት። መጠኑ ሲበዛ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ያፈስሳሉ፤ የደም ግፊት ይወርዳል። ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ይረጋል፤ የማርጊያ ንጥረ ነገሩ ሲያልቅ ደግሞ ሌላው ቦታ ይደማል። በማጅራት ገትር ባክቴሪያ ደማቸው በተወረረ ልጆች ቆዳ ላይ የሚታዩት ሐምራዊ ነጠብጣቦች የዚህ ውጤት ናቸው። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ቅርፊቱን በሕይወት እያለ በብዛት ያራግፋል፤ በደም ውስጥ የሚገኘው የኢንዶቶክሲን መጠን በጨመረ ቁጥር የመሞት አደጋውም ይጨምራል።

ሰው ለዚህ ምልክት ከአይጥ እጅግ የበለጠ ስሱ ነው። በምርምር ላይ ፈቃደኛ ሰዎች የሚወጉት መጠን በኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 4 ናኖግራም፣ ማለትም ከግራም ቢሊዮንኛ ሁለት እስከ አራት ሲሆን፣ ይህም ለጥቂት ሰዓት ትኩሳትና ራስ ምታት ይበቃል። በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የታተመ ታሪክ አለ። አንድ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ዕጢ አለብኝ ብሎ ራሱን ለማከም አንድ ሚሊግራም የሳልሞኔላ ኢንዶቶክሲን ወጋ። ለ60 ኪሎ ሰው ሲሰላ ከምርምሩ ከፍተኛ መጠን አራት ሺህ እጥፍ ገደማ ነው። የደም ግፊቱ ወርዶ፣ ብዙ የውስጥ አካላቱ ሥራቸው ታውኮ ሆስፒታል ገባ፤ ተርፎም ወጣ። ደሙ ውስጥ ግን ሕያው ባክቴሪያ አልነበረም።

ይህ ለመድኃኒት አምራች የራስ ምታት ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ በ121 ዲግሪ እንፋሎት ሲቀቀል ባክቴሪያው ይሞታል፤ ኢንዶቶክሲኑ ግን እንዳለ ይቀራል። ጠርሙስን ከኢንዶቶክሲን ለማጽዳት 250 ዲግሪ ደረቅ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ «ከጀርም የጸዳ» የተባለ ፈሳሽ ሕመምተኛን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። የግሉኮስ ጠብታ በተተከለ በሰዓት ውስጥ ብርድና ትኩሳት ከመጣ ነርስ ጠብታውን የምታቆመው፣ ጠርሙሱንም ለምርመራ የምታስቀምጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ባክቴሪያን መግደል ራሱ አደጋ የሚሆንበት አጋጣሚም አለ፤ ለዚህ ከአዲስ አበባ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት የድህነትና የመጨናነቅ በሽታ ነው። አንድ መርፌ ፔኒሲሊን ባክቴሪያውን ከደም ያጠፋዋል። ነገር ግን ከመርፌው ጥቂት ሰዓት በኋላ ሕመምተኛው በኃይል ይንቀጠቀጣል፤ ትኩሳቱ ያሻቅባል፤ ቀጥሎ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ያሪሽ-ሄርክስሃይመር የሚባለው ይህ ነውጥ ሊገድልም ይችላል። በ1996 እ.ኤ.አ. ዶክተር ዳንኤል ፈቃደና የሥራ ባልደረቦቹ በአዲስ አበባ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። ለ20 ሕመምተኞች ከፔኒሲሊኑ በፊት ቲኤንኤፍን የሚይዝ ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ሰጡ፤ ለ29ኙ አልሰጡም። ነውጡ ካልተሰጣቸው ውስጥ 26ቱን፣ ከተሰጣቸው ውስጥ 10ሩን ያዘ። ሕመምተኛውን የሚያንቀጠቅጠው የራሱ ሰውነት የሚለቀው ኬሚካል መሆኑ በሰው ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ የታየበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ ቢያቆም መብቱ ነው፤ የዚህ ትኩሳት ባክቴሪያ ትክክለኛው ሊፖፖሊሳካራይድ የለውም። ነውጡን የሚያስነሣው በገጹ ላይ ያለ ስብ የተለጠፈበት ፕሮቲን ነው። በቃሉ ጥብቅ ትርጉም ኢንዶቶክሲን አይባልም፤ የአጎዳዱ መንገድ ግን ያው ነው። በሌላው ወገንም ድንበሩ ይደበዝዛል። አንዳንድ የስታፊሎኮከስ ኤክሶቶክሲኖች ፕሮቲን ሆነው ሳለ የሚጎዱት እንደ ኢንዶቶክሲን የሰውነት መከላከያን በማሳበድ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ሠንጠረዥ ይህን አያሳይም፤ ሠንጠረዡ ግን ለመነሻ ይበቃል።

እንግዲህ ምልክቱን ማፈን መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ብዙ ገንዘብ ፈሰሰ። ኤሪቶራን የተባለ መድኃኒት የተሠራው ሊፒድ ኤን መስሎ ቲኤልአር4ን እንዲዘጋ ነው። በ1,961 የከባድ ሴፕሲስ ሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲወጣ፣ በ28 ቀን ውስጥ ከወሰዱት 28.1 በመቶ፣ ካልወሰዱት 26.9 በመቶ ሞተዋል። ምንም አልጠቀመም። ሕመምተኛው ሆስፒታል ሲደርስ ኡኡታው ከተሰማ ቆይቷል፤ አፍን በመዝጋት መንደሩን መመለስ አይቻልም። ከዚህም በላይ፣ ኢንዶቶክሲን የማይገድላት አይጥ ጥቂት የሳልሞኔላ ባክቴሪያ ሲገባባት ቶሎ ትሞታለች። ምልክቱን የማይሰማ ሰውነት አይዋጋም።

ስለዚህ ለኤክሶቶክሲን ፀረ መርዝና የተገራ መርዝ ክትባት ሲኖር፣ ለኢንዶቶክሲን እስካሁን በእጅ ያለው የቆየው መንገድ ነው፤ ቶሎ መጠርጠር፣ ሳይዘገዩ አንቲባዮቲክ መጀመር፣ በፈሳሽና በመድኃኒት የደም ግፊትን መደገፍ። ለኮሌራ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። አንቲባዮቲክ ተቅማጡን ያሳጥራል እንጂ ሕይወት የሚያተርፈው ውኃና ጨው መመለሱ ነው። አተት የያዘው ሰው ቤት ሆኖ ክኒን ፍለጋ ከሚባዝን ኦ.አር.ኤስ. በጥብጦ እየጠጣ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የፋይፈር ቅርፊት ግን ከኮሌራ ታሪክ ጨርሶ አልወጣም። በኢትዮጵያ በወረርሽኝ ጊዜ በአፍ ሲሰጥ የቆየው ኢዩቪኮል ፕላስ የኮሌራውን መርዝ አልያዘም፤ የተገደሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሰውነት ከክትባቱ በዋናነት የሚማረው ከቅርፊቱ ውጭ የተንጠለጠለውን የሊፖፖሊሳካራይድ የስኳር ጭራ መለየት ነው።